ጨረር ያለፈበት፣ ጨረር ያልቀረበት ማንጎ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ከህንድ በአውሮፕላን የመጡ ቢያንስ 15 ጭነት ማንጎዎች አሜሪካ ሲደርሱ ተያዙ። የተያዙት በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በአትላንታ አየር ማረፊያዎች ነው። ማንጎዎቹ አልበሰበሱም። ተባይ ተገኘባቸው ያለም የለም። ናቪ ሙምባይ ባለ ማዕከል ውስጥ በሜይ 8 እና 9 በጨረር ታክመው ነው የተጫኑት። ችግር አለበት የተባለው አብሯቸው የመጣው ቅጽ ነው፤ ፒፒኪው 203 የሚባል፣ ሕክምናው መካሄዱን የሚያረጋግጥ ወረቀት። ላኪዎቹ ሁለት ምርጫ ተሰጣቸው፦ ወይ እዚያው ይወገድ፣ ወይ ወደ ህንድ ይመለስ። ማንጎ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው፣ የመመለሻው የአውሮፕላን ሂሳብም አይቀመስም። እንዲወገድ ተስማሙ። ላኪዎቹ እንደተናገሩት ኪሳራው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ብዙ ሰው ዜናውን ሲሰማ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ማንጎው ጨረር አግኝቷል ወይስ አላገኘም የሚለውን እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ለክቶ ማወቅ አይቻልም ነበር? ለምን በወረቀት ምክንያት ደህና ፍሬ ይጣላል?

አይቻልም። የማይቻልበትን ምክንያት የገባው ሰው ምግብን በጨረር ማከም ምን እንደሆነ ከሞላ ጎደል ገብቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ይዤ ከሥሩ ልጀምር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ነቀዝ ነው

የማንጎ ዘር ነቀዝ የሚባል ጥንዚዛ መሰል ተባይ አለ። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ገና ባልበሰለው ፍሬ ልጣጭ ላይ ነው። እጩ ተፈልፍሎ ሥጋውን ሰንጥቆ ወደ መሃል ይገባና ዘሩ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ፍሬው እያደገ ሲሄድ የገባበት ቀዳዳ ይደፈናል። ውጪ ሲታይ ያማረ ማንጎ ነው፤ ዘሩ ውስጥ ግን ነቀዙ እያደገ ነው። ፍሬውን ሳትቆርጥ፣ ዘሩንም ሳትሰነጥቅ አታገኘውም።

የፍራፍሬ ዝንብም አለ። እሱም እንቁላሉን ልጣጩ ሥር ይጥላል፤ እጮቹ ሥጋውን ይበላሉ። ማንጎ አስመጪ አገር የሚፈራው እነዚህን ነው። ተባዩ በልቶት የሚያልቀው አንድ ፍሬ ብዙም አያሳስብም። የሚያስፈራው ከዚያ ፍሬ ወጥቶ አዲስ አገር ላይ መራባቱ ነው።

ድሮ መፍትሔው ጭስ ነበር። ኢትሊን ዳይብሮማይድ የሚባል ጋዝ ፍሬው ላይ ይለቀቅ ነበር። ካንሰር ያመጣል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ1984 ታገደ። ከላቲን አሜሪካ የሚመጣ ማንጎ እስካሁን በአብዛኛው የሚታከመው በሙቅ ውሃ ነው፤ 46 ዲግሪ ግድም በሆነ ውሃ ውስጥ እንደ ፍሬው መጠን ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘፈዘፋል። ይህ ለፍራፍሬ ዝንብ ይሠራል። ዘሩ ውስጥ ላለ ነቀዝ ግን አይሆንም፣ ሙቀቱ ዘሩ መሃል ደርሶ ነቀዙን እስኪገድል ድረስ ሥጋው ተቀቅሎ ያልቃል።

ጨረር እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ጋማ ጨረር ልጣጭ፣ ሥጋ፣ ዘር ብሎ አይመርጥም። ሁሉንም ያልፋል። ዘሩ ውስጥ የተደበቀው ነቀዝ ከልጣጩ ሥር ካለው እጭ ጋር ተቀራራቢ መጠን ይደርሰዋል። በማርች 2006 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኒው ዴልሂ ሲሄዱ የህንድ ማንጎ ጉዳይ ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በኤፕሪል 2007 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው በጨረር የታከመ የህንድ ማንጎ ኒው ዮርክ ገባ። የታከመው ማሃራሽትራ ውስጥ ላሳልጋኦን በሚባል ቦታ ነው። ያ ማዕከል መጀመሪያ የተሠራው ሽንኩርት እንዳያበቅል ለማድረግ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

ጋማ ጨረሩ የሚወጣው ኮባልት-60 ከሚባል ራዲዮአክቲቭ ብረት ነው። የኮባልት-60 ማዕከል ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት የሆነ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ጥልቅ የውሃ ገንዳ አለ። ኮባልቱ በብረት ዘንጎች ውስጥ ታሽጎ፣ ሥራ በሌለበት ጊዜ ገንዳው ውስጥ ሰጥሞ ይቀመጣል። ውሃው ጨረሩን ያስቀረዋል። ሥራ ሲጀመር ሰው ሁሉ ይወጣል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ዘንጎቹ ከውሃ ይወጣሉ፣ የማንጎ ካርቶኖቹም በማጓጓዣ ላይ ሆነው ዙሪያቸውን ይሄዳሉ። ካርቶኖቹ ከማዕከሉ ሲወጡ እንደገና ነፍሳት እንዳይገቡባቸው የአየር ቀዳዳቸው በወንፊት የተሸፈነ መሆን አለበት። ከዘንጎቹ ወደ ፍሬው የሚሄደው ጨረሩ ብቻ ነው። ኮባልቱ ራሱ ፍሬውን አይነካውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጠኑ የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ነገር አንድ ጁል ኃይል ተቀበለ ማለት ነው። ለህንድ ማንጎ የተደነገገው ቢያንስ 400 ግሬይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለትኩስ ፍራፍሬ የተፈቀደው ከፍተኛው ደግሞ 1000 ግሬይ ነው። ሥራው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል መቆየት ነው፤ ሲነገር ቀላል ይመስላል።

አይደለም። ከዘንጎቹ በኩል ያለው የካርቶኑ ፊት ብዙ ይቀበላል፣ መሃሉ ያንሳል፣ ምክንያቱም ማንጎዎቹ ራሳቸው ጨረሩን ይቀንሱታል። ስለዚህ ካርቶኑ ዞሮ በሁለተኛው ጎኑም ያልፋል። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ አይጠፋም። ለምሳሌ ውጪው ላይ ያለው ፍሬ 750 ግሬይ ሲደርሰው መሃል ያለው 430 ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚያየው ዝቅተኛውን ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ያቺ አንዷ ፍሬ 390 ካገኘች ጭነቱ በሙሉ አልታከመም ይባላል። ካርቶን አደራደሩ ቢለወጥ፣ ፍሬዎቹ ቢጠጉ ወይም ቢራራቁ፣ የቁጥሩ ካርታ በሙሉ ይለወጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ በየቦታው ዶዚሜትር ተደርጎ ዝቅተኛው የት እንደሆነ የሚጠናው። ዶዚሜትር ማለት የተቀበለውን ጨረር መዝግቦ የሚያስቀር ትንሽ ነገር ነው፤ ከአሚኖ አሲድ የተሠራ የአላኒን እንክብል አንዱ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ በየሥራው ዶዚሜትሮች ከፍሬው ጋር ገብተው ይወጣሉ፣ ይነበባሉ፣ ይመዘገባሉ።

ኮባልቱም እየደከመ ይሄዳል። በ5 ዓመት ከ3 ወር ግድም ኃይሉ ግማሽ ይሆናል። በአንድ ዓመት ውስጥ 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። አምና በዚህ ሰዓት 60 ደቂቃ የወሰደ ሥራ ዘንድሮ 68 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰዓቱን ያላስተካከለ ማዕከል በየወሩ ቀስ እያለ ከ400 በታች ይወርዳል፣ ፍሬው ላይ ግን ምንም አይታይም።

400 ግሬይ ነቀዙን ምን ያደርገዋል?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ነቀዙ ሞቶ እንዲወጣ ነው። ላይሞት ይችላል። ከሕክምናው በኋላ ማንጎ ብትቆርጥ በሕይወት ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ነቀዝ ልታገኝ ትችላለህ። ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ጨረሩ በሴል ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል። አንዳንዴ ዲኤንኤውን ቀጥታ ይመታዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ውሃውን ይሰብርና ከውሃው የወጡት ቁርጥራጮች ዲኤንኤውን ያጠቁታል። የዲኤንኤው ሁለቱም ክር አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ሴሉ ጠግኖ መመለስ ይከብደዋል። ይህ ጉዳት ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ሴሉ ሊከፋፈል ሲል ነው። ያደገ ነቀዝ አብዛኛው ሴሉ መከፋፈል አቁሟል፤ ስለዚህ መሄድም መብላትም ይችላል። የሚከፋፈሉት የመራቢያ አካሎቹ ሴሎች ናቸው። እነሱ ይጠፋሉ። እንቁላሉ አይፈለፈልም። እጭም ከሆነ ያለማቋረጥ እየተከፋፈለ የሚያድግ ስለሆነ እድገቱ ይቆማል፣ ወደ አዋቂነት አይደርስም።

አስመጪ አገርን የሚያሳስበው ደግሞ መራባቱ ነው። የማይራባ ነቀዝ ወረራ አያመጣም። አሜሪካኖቹ ባወጡት ዝርዝር ለፍራፍሬ ዝንብ 150 ግሬይ፣ ለማንጎ ዘር ነቀዝ 300 ግሬይ ይበቃል። 400 ደግሞ ለሁሉም ነፍሳት ይበቃል ተብሎ የተቀመጠ የጋራ መጠን ነው፤ ከእሳት እራትና ከቢራቢሮ ወገን የሆኑ ፑፓዎች፣ ማለትም ከእጭነት ወደ አዋቂነት በመለወጥ ላይ ያሉት፣ እና አዋቂዎች ብቻ አይካተቱበትም፣ እነሱ ጠንካራ ናቸው።

እዚህ ላይ የጉዳዩ የመጀመሪያው ቋጠሮ ይታያል። በሌላ ሕክምና የጉምሩክ ተቆጣጣሪው በሕይወት ያለ ነፍሳት ካገኘ ሥራው እንዳልተሠራ ያውቃል። በጨረር የታከመ ማንጎ ላይ ግን በሕይወት ያለ ነቀዝ ማግኘቱ ምንም አይነግረውም። ነቀዙን በመዳፉ ይዞ መካን መሆኑንና አለመሆኑን በዓይን ሊለይ አይችልም።

ባክቴሪያና ፈንገስስ?

ብዙ ጽሑፍ በጨረር የታከመ ምግብ ሁሉ ከጀርም የጸዳ እንደሆነ አድርጎ ያወራል። መጠኑን ሳይጠይቁ እንዲህ ማለት ስህተት ነው። ነቀዝ ትልቅ ፍጡር ነው፣ ዲኤንኤው ብዙ ነው፤ ጨረሩ የሚመታው ነገር አያጣም። ባክቴሪያ ትንሽ ናት፣ ዲኤንኤዋም አጭር ነው፣ ስለዚህ እሷን ለማግኘት ብዙ ጨረር ያስፈልጋል። ቫይረስ ከዚያም ያንሳል፣ ከዚያም የበለጠ ይፈልጋል።

በሳልሞኔላ እንየው። ሥጋ ላይ ካሉት ሳልሞኔላዎች ከአሥር ዘጠኙን ለመግደል 600 ግሬይ ግድም ያስፈልጋል። 400 ብቻ ብትሰጥ ከአምስት አንዱ ያህል ይተርፋል። ይህ ለምግብ ደህንነት ምንም አያደርግም ማለት ይቻላል፣ የተረፈው በሰዓታት ውስጥ ይራባል። 3000 ግሬይ ስትሰጥ ግን ከመቶ ሺህ አንዱ ነው የሚተርፈው። አሜሪካ ውስጥ ለቀዝቃዛ ጥሬ ሥጋ የተፈቀደው እስከ 4500 ግሬይ የሆነው ለዚህ ነው። ማንጎ ላይ ያን ያህል አትሰጥም። ከ1000 በላይ ሲሆን ልጣጩ ይጠቁራል፣ ሥጋው ይላሽቃል።

ደንቡ ራሱ ይህን ያውቃል። የህንድን ማንጎ ያስፈቀደውን ሕግ ያየ ሰው ከ400 ግሬዩ ጎን ሌላ ነገር ያገኛል፦ ማንጎን ለሚያጠቁ ሁለት ፈንገሶች ሲባል የአትክልት ቦታው ከለቀማ በፊት ተፈትሾ ነጻ መሆን አለበት፣ ወይም ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መረጨት አለበት፣ ወይም ፍሬው መድኃኒት ውስጥ መነከር አለበት። ለአንድ ባክቴሪያም እንዲሁ ፍተሻ አለ። ጨረሩ ጨርሷቸው ቢሆን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

ለምን ራዲዮአክቲቭ አይሆንም?

አሁን ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ተቆጣጣሪው የጨረር መለኪያ አምጥቶ ካርቶኑ ላይ ቢያስጠጋ ምን ያነባል? ካልታከመ ማንጎ የተለየ ምንም አያነብም። ሁለቱም ላይ በተፈጥሮ ያለው ትንሽ ፖታሲየም-40 አለ፣ ማንኛውም ፍራፍሬ ላይ እንደሚኖረው።

ምክንያቱ የኃይል ጉዳይ ነው። አንድን አቶም ራዲዮአክቲቭ ለማድረግ ኒውክለሱን መለወጥ አለብህ። በጋማ ጨረር ይህን ለማድረግ ጨረሩ ከኒውክለሱ ውስጥ ኒውትሮን ወይም ፕሮቶን ነቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ኃይል ሊኖረው ይገባል። ከኮባልት-60 የሚወጡት ጋማዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ 1.17፣ ሌላው 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል አላቸው። ማንጎ በአብዛኛው ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ነው። ከተራ ናይትሮጅን ኒውትሮን ለመንቀል 10.5፣ ከኦክስጅን 15.7፣ ከካርቦን 18.7 ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኘው ከባዱ ሃይድሮጅን እንኳ 2.2 ይጠይቃል። 1.33 ያለው ጨረር የትኛውም ላይ አይደርስም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠንና ኃይል ላይ ነው። ጨረሩን ብታበዛ፣ ለአንድ ሰዓት የነበረውን ለአንድ ሳምንት ብታደርገው፣ የእያንዳንዱ ጋማ ኃይል ያው 1.33 ነው። ትንንሾቹ ተደምረው አንድ ትልቅ አይሆኑም። የሚበዛው የተበጠሱት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ነው፣ ይህ ደግሞ ኬሚስትሪ ነው። ኒውክለሱ ሳይነካ ይቀመጣል። በማሽን የሚሠራ ኤክስሬይና የኤሌክትሮን ጨረርም አለ፤ እነዚህን ከፍ ማድረግ ስለሚቻል ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ኤክስሬዩን በ5፣ ኤሌክትሮኑን በ10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገድቦታል። ገደቡ የተቀመጠው በትክክል ለዚህ ጉዳይ ነው።

አቶምን በቀላሉ ራዲዮአክቲቭ የሚያደርገው ኒውትሮን ነው። ኮባልት-60 ራሱ የሚሠራው ተራ ኮባልት የኒውክለር ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን ሲጠጣ ነው። ፍርሃቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፣ ሰው ሁሉንም ጨረር አንድ አድርጎ ያየዋል። ምግብ ላይ ኒውትሮን አይለቀቅም።

ሌላው ፍርሃት ብክለት ነው፣ እሱን ግን በቁም ነገር መውሰድ ተገቢ ነው። ራዲዮአክቲቭ ቁስ ራሱ ከእሽጉ አምልጦ ዕቃ ላይ ቢያርፍ ዕቃው ይበከላል። በ1988 አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ዲኬተር ውስጥ ባለ ማዕከል የሲዚየም-137 እሽግ ገንዳው ውስጥ አፍስሷል። ያ ሲዚየም በውሃ የሚሟሟ ጨው ነበር። ኮባልት-60 ጠንካራ ብረት ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ የገንዳው ውሃም እየተለካ ነው የሚሠራው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይህን ነበር፤ እሽጉ ደህና እስከሆነ ድረስ ወደ ፍሬው የሚደርሰው ጨረሩ ብቻ ነው፣ ዘንጎቹ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጨረሩ የለም።

ሙቀትም አይተርፍም። 400 ግሬይ በአንድ ኪሎ 400 ጁል ነው፤ ይህ ውሃን በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚያሞቀው። ሰውን የሚገድለው 5 ግሬይ ግድም መሆኑን ስታስብ ይገርማል፣ ግን ሰውም የሚሞተው እንደ ነቀዙ እጭ በሚከፋፈሉ ሴሎቹ ጉዳት እንጂ በሙቀት አይደለም።

ለዚህ ነው ወረቀቱ ሁሉም ነገር የሆነው

እንግዲህ ተቆጣጣሪውን በቦታው ሆነን እንየው። ፍሬው ላይ ጨረር የለም፣ ሊለካው አይችልም። አልሞቀም፣ ቀለሙ አልተለወጠም፣ ሽታው ያው ነው። ነቀዝ ቢያገኝ ሕያው መሆኑ ምንም አይነግረውም። የታከመ ምግብን የሚለዩ የላብራቶሪ ዘዴዎች አሉ፤ አጥንት፣ ልጣጭ ወይም ምግቡ ላይ ያለ አቧራ ውስጥ የቀረ ምልክት ይፈልጋሉ። ግን በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ መጠን ይቸገራሉ፣ ቢሳካላቸውም የሚናገሩት ጨረር ነክቶታል ብለው ነው። መሃል ያለችው ፍሬ 390 አገኘች ወይስ 430 የሚለውን አይመልሱም። ጥያቄው ደግሞ ያ ነው።

ስለዚህ መጠኑ የሚታወቀው ካርቶኑ ማዕከሉ ውስጥ በነበረበት ሰዓት፣ ከጎኑ በነበሩት ዶዚሜትሮች ብቻ ነው። ከንባባቸው ጀምሮ እስከ ቅጹ ያለው ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ካጠራጠረ ፍሬውን ጠይቆ የሚያስተካክለው የለም። ላኪዎቹ ሕክምናው በእርግጥ ተካሂዷል፣ ካልተካሄደማ ቅጹ መጀመሪያውኑ አይሰጥም ነበር ብለው ተከራክረዋል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለነሱ አዝኛለሁ፣ የለፉበት ፍሬ ነው የተጣለው። ግን ተቆጣጣሪው ያንን ከማንጎው ላይ ሊያነበው አይችልም።

እንደገና ለምን አልታከመም የሚልም አለ። ፍሬው አንዴ ከ400 እስከ 750 አግኝቶ ከሆነ፣ ሁለተኛ ዙር ሲጨመርበት ውጪ ያሉት ፍሬዎች 1500 ይደርሳሉ። ከ1000 ጣሪያ ያልፋል፣ ልጣጩም ይበላሻል። ኮዴክስም ዳግመኛ ማከምን የሚፈቅደው እንደ እህልና እንደ ጥራጥሬ ላሉ፣ እርጥበታቸው ዝቅ ላለ ምግቦች፣ ያውም ነፍሳት ዳግም ሲገቡባቸው ነው። ማንጎ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ስህተቱን መያዝ የሚቻለው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ነበር። የዶዚሜትሩ ንባብ፣ የካርቶኑ ቁጥር፣ የሕክምናው ቀንና ቅጹ ላይ የተጻፈው ማዕከሉ በር ላይ አንድ በአንድ ይመሳከራሉ፤ የማይገጥም ነገር ካለ ዶዚሜትሮቹም መዝገቡም ቅጹን የፈረመው ሰውም እዚያው አሉ። ካርቶኖቹ ባሕር ተሻግረው ሎስ አንጀለስ ካረፉ በኋላ ግን ተቆጣጣሪው እጅ ላይ ያለው ማንጎና ወረቀት ብቻ ነው፣ ማንጎው ደግሞ አይናገርም።